ተኝታችሁ ሳላችሁ ክሬዲታችሁ እንዳይቆረጥ፦ ስለ ቦታ አያያዝ የተለወጠው አሠራራችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ አንዲት ደንበኛችን እንግዳ መቀበያው ጋ መጥተው ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የተከፈተው መልእክት «ከተጠባባቂ ወረፋ ወደ ክላሱ ገብተዋል፤ 1 ክሬዲት ተቀንሷል» ይላል። የደረሳቸው ረቡዕ ምሽት 4፡02 ነው፤ ክላሱ ደግሞ ሐሙስ ንጋት 12፡30 ተጀምሮ አልቋል። «እኔ ተኝቼ ነው እናንተ ያስገባችሁኝ» አሉን።

እውነታቸውን ነበር። የዚያን ዕለት መዝገብ አውጥተን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየነው። የፒላቴስ ክላሳችን ስምንት ሪፎርመር ማሽን ብቻ ስላለው ስምንት ሰው ከያዘ በኋላ የሚመጣው ወረፋ ላይ ይሰለፋል። ለዚያ ክላስ ስምንቱም ተይዘው ሦስት ሰው ወረፋ ላይ ነበር። ረቡዕ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ከስምንቱ አንዱ ሰረዙ። ክላሱ ሊጀመር 8 ሰዓት ተኩል ብቻ ስለቀረውና ያለ ቅጣት የሚሰረዘው 12 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ስለሆነ ክሬዲታቸው ተቆረጠ። ሲስተሙ ወዲያው ወደ ወረፋው ሄደ። አንደኛዋ ተጠባባቂ ጥቅላቸውን ጨርሰው ስለነበር ዘለላቸው። ሁለተኛዋ እኒህ ደንበኛችን ናቸው፤ አስገባቸው፣ ክሬዲታቸውን ቀነሰ፣ መልእክት ላከ። ጠዋት ማሽኑ ባዶውን ቆመ። እኛ ግን ለዚያ አንድ ባዶ ማሽን ከሁለት ሰው ሁለት ክሬዲት ወስደናል።

ይህ ትክክል አይደለም፤ ሁለቱንም ክሬዲት መልሰናል። መዝገቡን ወደ ኋላ ስንመረምር ተመሳሳይ ነገር የደረሰባቸው ሌሎች ደንበኞችም ስላገኘን የእነሱንም መልሰናል። «የተመለሰ» የሚል መስመር በአፑ የክሬዲት ታሪክ ውስጥ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

ስህተቱ ያለው ሁለት ደንቦች ሳይተያዩ ጎን ለጎን መሥራታቸው ላይ ነው። አንደኛው ደንብ 12 ሰዓት ካልቀረ መሰረዝ ያስቀጣል ይላል። ሁለተኛው ቦታ በተለቀቀ ቁጥር ቀጣዩን ተጠባባቂ አስገባ ይላል። ገደቡ ካለፈ በኋላ ወደ ክላስ የገባ ሰው፣ ገና በገባበት ደቂቃ የመሰረዣ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው። እሺም አላለ እንቢም አላለ ክሬዲቱ ሄዷል። ወረፋ ላይ መሰለፍ «ቦታ ከተገኘ እፈልጋለሁ» ማለት ነው እንጂ «በየትኛውም ሰዓት አስገቡኝ» ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሲስተሙ ተጠባባቂን በራሱ የሚያስገባው ክላሱ ሊጀመር 14 ሰዓት እስኪቀረው ብቻ ነው። በ12 ያላቆምነው በምክንያት ነው፤ ገደቡ ሊያልፍ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የገባ ሰው መልእክቱን እስኪያይ ጊዜው ያልፍበታል። በመሃል ያለው ሁለት ሰዓት መልእክቱን አይታችሁ፣ ካልተመቻችሁ ያለ ቅጣት እንድትሰርዙ የተተወ ነው። ለንጋት 12፡30 ክላስ ሲሰላ፣ በራሱ ማስገባቱ በዋዜማው ከቀኑ 10፡30 ላይ ያቆማል፤ ያለ ቅጣት መሰረዣው ደግሞ ምሽት 12፡30 ላይ ይዘጋል። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ገደቡን ለማስታወስ ቀላል ነው፦ የክላሱ ሰዓት ቁጥር ያው ሆኖ ቀኑ በሌሊት፣ ሌሊቱ በቀን ይለወጣል። የምሽት 12፡30 ክላስ ከሆነ መሰረዣው በዚያው ዕለት ንጋት 12፡30 ይዘጋል።

(ሰዓትን ካነሳን አይቀር፦ አፑ 06:30 ብሎ የሚያሳየው የንጋቱን 12፡30 ነው። ቀትር ላይ መስሏቸው ከቀኑ 6፡30 የመጡ ደንበኞች ስላሉ፣ ከአሁን በኋላ የምንልከው የጽሑፍ መልእክት በኢትዮጵያ ሰዓት ይጻፋል። አፑ ላይ ያለውን መለወጥ ግን አልቻልንም።)

ክላሱ ሊጀመር ከ14 ሰዓት በታች ሲቀረው ቦታ ቢለቀቅስ? ወረፋ ላይ ላሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ «ቦታ አለ፤ ከፈለጉ 1 ብለው ይመልሱ» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። ቀድሞ የመለሰ ይገባል፤ ክሬዲት የሚቀነሰውም ያን ጊዜ ነው። ዝም ያለ ሰው ምንም አይነካበትም። 1 ብሎ የመለሰ ግን ቦታውን አውቆ ስለያዘ የመሰረዝ ደንቡ ይመለከተዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይህን መልእክት አንልክም። አንዳንድ ጠዋት በዚህ ምክንያት ማሽን ባዶውን እንደሚቆም እናውቃለን፤ ሰው ከእንቅልፉ ከምንቀሰቅስ ያንን መርጠናል።

ዘግይቶ መሰረዝ አሁንም አንድ ክሬዲት ያስቆርጣል። ስምንት ቦታ ብቻ ባለበት ክላስ በመጨረሻ ሰዓት የተለቀቀ ቦታ ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል፤ አሰልጣኟ ግን ሰባት ሰው መጣም ስምንት የሚከፈላት ያው ነው። የተለወጠው ይህ ነው፦ ዘግይታችሁ የሰረዛችሁትን ቦታ ሌላ ሰው ከያዘው ክሬዲታችሁ በራሱ ይመለሳል። ቦታው ከሞላ እኛ የጎደለብን ነገር ስለሌለ ልንይዘው አይገባም። ሳይሰርዝ የቀረ ሰው ግን ክሬዲቱ አይመለስለትም፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት ብቻ ቢቀርም፣ እንደማትመጡ ካወቃችሁ ሰርዙ። ለምሽት ክላሶች በመጨረሻው ሰዓት የሚለቀቅ ቦታ ላይ ተሯሩጦ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

ስለ ጥቅሉም ብዙ ጊዜ የምትጠይቁን አለ። የ10 ክሬዲት ጥቅል ለ60 ቀን ያገለግላል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከከፈላችሁበት ሳይሆን የመጀመሪያውን ክላስ ከያዛችሁበት ቀን ነው። ሁለት ጥቅል ያለው ሰው ከሆነ ቀድሞ ከሚያልቀው ይቀነሳል። ክሬዲቱ የሚቀነሰው ቦታ ስትይዙ እንጂ ስትመጡ ስላልሆነ አንድ ችግር ይፈጠር ነበር፦ በ58ኛው ቀን ለ63ኛው ቀን ክላስ የያዘ ሰው፣ በ61ኛው ቀን በደንቡ መሠረት ቢሰርዝ፣ ክሬዲቱ ጊዜው ወዳለፈበት ጥቅል ተመልሶ እዚያው ይሞት ነበር። አሁን እንዲህ የተመለሰ ክሬዲት ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ 7 ቀን ይሰጠዋል።

ወረፋ ላይ መሰለፍ ክሬዲት አይዝም። በአንድ የቀረ ክሬዲት ሁለት ክላስ ላይ ብትሰለፉ፣ ቀድሞ የተለቀቀው ይወስደዋል፤ ከሁለተኛው ወረፋ ግን አትወጡም፣ ተራችሁ ሲደርስ ክሬዲት ከሌላችሁ ትታለፋላችሁ። ሳናሳውቅ መዝለላችንን ትተናል፤ ወረፋው አንደኛ ላይ ስትደርሱና ጥቅላችሁ ባዶ ሲሆን መልእክት ይደርሳችኋል፣ በቴሌብር ሞልታችሁ ተራችሁን መጠበቅ ትችላላችሁ።

ያልፈታነው አንድ ነገር ቀርቷል። ኔትወርክ ሲደክም መልእክቱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሲስተሙ የሚመዘግበው ደግሞ የላከበትን ሰዓት እንጂ እናንተ ጋ የደረሰበትን አይደለም። እንዲህ ከሆነባችሁ መልእክቱን አታጥፉት። ስልካችሁ ላይ ያለውን ሰዓት እንግዳ መቀበያው ላይ አሳዩን፤ ከመዝገባችን ጋር አመሳክረን ክሬዲቱን እዚያው እንመልሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የስቱዲዮው ባለቤትና አሰልጣኝ