በአምስተኛው አለፍኩ፤ ለረዳችሁኝ ሁሉ ምስጋናዬ

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ማክሰኞ እዚህ ለንደን የመንጃ ፈቃድ ቲዎሪ ፈተናዬን አለፍኩ። ከ50 ጥያቄ 47 መለስኩ። የመንገድ አደጋን ቶሎ መለየት በሚፈተንበት በቪዲዮው ክፍል ደግሞ ከ75 ነጥብ 58 አገኘሁ። ከፈተናው ቤት ስወጣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አብራችሁኝ የደከማችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከምደውል በጽሑፍ ላመስግናችሁ ብያለሁ።

ታሪኩን የማታውቁ ትኖራላችሁ። አራት ጊዜ ወድቄያለሁ። ማለፊያው ከ50 43 ነው። የመጀመሪያው ጊዜ 40 አመጣሁ፣ ሁለተኛው 41። በሦስተኛው 44 አምጥቼ ደስ ሲለኝ በቪዲዮው ክፍል 42 ሆነብኝ። እዚያ ማለፊያው 44 ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ካልታለፉ ደግሞ ሁለቱም እንደ አዲስ ይፈተናሉ። አራተኛው 42። በየጊዜው 23 ፓውንድ ከፈልኩ፣ በየጊዜው ከሥራ ቀረሁ።

20 አምጥቼ ብወድቅ ኖሮ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ አላጠናሁም ማለት ነው። በአንድ በሁለት ነጥብ መውደቅ ግን ያታልላል። «ትንሽ ናት የቀረችኝ፣ ትንሽ ባነብ አልፋለሁ» ያስብላል። እንደገና ለመፈተን ሕጉ የሚያስጠብቀው ሦስት የሥራ ቀን ብቻ ስለሆነ እኔም ወዲያው ቀጠሮ እይዝ ነበር። ያንኑ የስልክ አፕ ደግሜ ደጋግሜ እሠራለሁ። ቤት ውስጥ 48 እና 49 አመጣለሁ። ፈተናው ላይ ግን ያው 41፣ ያው 42።

ጋሼ፣ የመጀመሪያው ምስጋና የእርስዎ ነው። በዚህ ከተማ ቀዩን አውቶቡስ ስንት ዓመት የነዱ ሰው ነዎት፤ «አይዞሽ» ብለውኝ ቢያልፉም ደስ ይለኝ ነበር። እርስዎ ግን ቡናውን ሳይጨርሱ «ልጄ፣ የተሳሳትሽውን ጥያቄ ሳይሆን ለምን እንደተሳሳትሽ ጽፈሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ስወድቅ የሚሰጡኝ ደብዳቤ በየትኛው ክፍል እንዳነሰኝ ይነግረኛል። ምክንያቱን ግን አይነግረኝም። ርዕሱን እየተከተልኩ መጽሐፉን እደግማለሁ፣ ስህተቱ ግን ከሌላ ቦታ ይመጣል።

ጋሼ ያዘዙኝ ቀላል ነገር ነበር። አይቼው የማላውቀውን የጥያቄ መጽሐፍ ፈልጌ አምስት ሙሉ ፈተና፣ እያንዳንዱን በ57 ደቂቃ፣ መልስ ሳላይ እንድሠራ ነገሩኝ። መጽሐፉን ያዋስሽኝ የቤተ ክርስቲያናችን እህት፣ አንቺንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እየሠራሁ በእያንዳንዱ መልስ ጎን «እርግጠኛ» ወይም «ግምት» ብዬ ምልክት አደርጋለሁ። ይህ ምልክት ትልቅ ነገር ነው። ትክክለኛው መልስ ከታየ በኋላ ሰው ሁሉ «ኧረ ይህንንማ አውቀው ነበር» ይላል። እኔም እል ነበር። ከዚያ የተሳሳትኩትን ሁሉ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ፦ ምን መረጥኩ፣ ስመርጥ ምን አስቤ ነበር፣ ያሳሳተኝ ምንድን ነው።

250 ጥያቄ ሠርቼ 44 ተሳሳትኩ። ለአምስት ሲካፈል በአንድ ፈተና ወደ 9 ስህተት ነው። 41 ማለት ነው፤ ልክ እንደ እውነተኛው ፈተና። ቤት ውስጥ 48 የማመጣው አፑ ጥያቄዎቹን ስለሚደጋግምና መልሱን በመልኩ ስለማውቀው ብቻ ነበር። ትክክል ካልኳቸው ውስጥም 17ቱ ጎናቸው «ግምት» የሚል ነበር። እነሱን ስቆጥር ነው የደነገጥኩት።

44ቱን ስንለያቸው በእውነት የማላውቃቸው 11 ብቻ ሆኑ። በ14ቱ የእንግሊዝኛው ቃል አልገባኝም። 13ቱን የማውቀውን ጥያቄ አሳስቼ አንብቤያለሁ። የቀሩት 6 አዲስ አበባ ስነዳ የለመድኳቸው ናቸው። እኔ ግን አራት ወር ሙሉ የደከምኩት ለ11ዱ ነበር።

ከ13ቱ አንዱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ይወድቃል። ጥያቄው በደረቅ መንገድ በሰዓት 50 ማይል የሚሄድ መኪና ብሬኪንግ ዲስታንሱ ስንት ነው ይላል። ምርጫዎቹ 15፣ 38፣ 53 እና 73 ሜትር ናቸው። እኔ 53 አልኩ፣ ጎኑም «እርግጠኛ» ብዬ ጻፍኩ። «50 ማይል፣ 53 ሜትር» ብዬ ሸምድጄዋለሁ። 53 ግን ስቶፒንግ ዲስታንስ ነው፤ አደጋውን ካየሁበት ጀምሮ መኪናው እስኪቆም ያለው ጠቅላላ ርቀት። እሱ ሁለት ክፍል አለው። አይቼ እግሬ ፍሬን እስኪረግጥ መኪናው 15 ሜትር ይሄዳል፤ ይህ ቲንኪንግ ዲስታንስ ይባላል። ፍሬኑ ከተረገጠ በኋላ ደግሞ 38 ሜትር ይሄዳል። የተጠየቅኩት ይህንን ነበር። አያችሁ፣ 15ም 38ም 53ም በምርጫው ውስጥ አሉ። ጥያቄውን ያወጣው ሰው ቁጥር አይቶ የሚመርጠውን ሰው ያውቀዋል።

ይህን የፈታችልኝ የ13 ዓመቷ ልጄ ናት። ቁጥሮቹን አይታ «እማ፣ የመጀመሪያው እኮ በየ10 ማይሉ 3 ሜትር ነው የሚጨምረው» አለችኝ። እውነቷን ነው። በ20 ማይል 6፣ በ30 9፣ በ40 12፣ በ50 15፣ በ60 18፣ በ70 21። ጠቅላላውን ብቻ ከያዝኩ፣ ማለትም 12፣ 23፣ 36፣ 53፣ 73፣ 96፣ የፍሬኑን በመቀነስ አገኘዋለሁ። ከ30 ወደ 60 ማይል ሲጨምር የማሰቢያው ከ9 ወደ 18 እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ የፍሬኑ ግን ከ14 ወደ 55፣ አራት እጥፍ ገደማ። ይህ ከገባኝ ወዲህ በዚህ ርዕስ አንድም አልተሳሳትኩም። ልጄ፣ የኔ ጎበዝ፣ በየማታው የቤት ሥራሽን ጨርሰሽ ጥያቄ ስታነቢልኝ የነበረውን አልረሳውም። ምርጫዎቹን በእጅሽ ሸፍነሽ «መጀመሪያ መልሱን ንገሪኝ» ማለትሽ ነው ሽምደዳዬን የሰበረው።

የቃሉን ነገር ደግሞ አብራችሁኝ ማታ የምትሠሩ ጓደኞቼ ፈታችሁልኝ። ፈተናው በአማርኛ የለም። እንግሊዝኛ የምችል ይመስለኝ ነበር፣ ለሥራም ለሐኪምም ይበቃኛል። የመንገድ እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው። ኒርሳይድ የሚባለው ለመንገዱ ጠርዝ የቀረበው ጎን ነው፤ እዚህ በግራ ስለሚነዳ የመኪናው ግራ ማለት ነው። ኦፍሳይድ ቀኙ ነው። እኛ የምናውቀው ኦፍሳይድ የኳስ ሜዳው ነው። ሁለቱን ባለማወቄ ብቻ ከ14ቱ አራቱን ስቻለሁ። የቃሎቹን ዝርዝር በእረፍት ሰዓት ዩኒፎርማችሁን እንደለበሳችሁ የጠየቃችሁኝ፣ በፈተናዬ ቀንም ሽፍቴን የያዛችሁልኝ እናንተ ናችሁ።

ስለ ስድስቱ ልማድ ብዙ አልልም፣ ግን አገር ቤት ነድተው የመጡ ይስሙኝ። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ብልጭ ሲያደርግልኝ ለእኔ «እለፊ» ማለት ነበር። እዚህ ሕጉ የሚያውቀው አንድ ትርጉም ብቻ ነው፦ «እዚህ አለሁ»። አደባባይ ላይም ቅድሚያ የሚሰጠው ከቀኝ ለሚመጣ ነው። ክላክስ ቤት በሚበዛበት አካባቢ ከማታ 5:30 እስከ ጠዋት 1 ሰዓት በኛ አቆጣጠር አይነፋም። እነዚህን ማንበብ አይበቃም፤ እጅና ዓይን የለመዱት ነገር ስለሆነ «በአዲስ አበባ እንዲህ፣ እዚህ እንዲህ» ብዬ ጎን ለጎን ጻፍኳቸው።

ቪዲዮው ላይ ስህተቴ ሌላ ነበር። 14 ቪዲዮ አለ፣ በአንዱ ሁለት አደጋ ስላለ በጠቅላላው 15። አንድ ነገር ወደ አደጋ መለወጥ ሲጀምር ቶሎ ማውሱን የነካ 5 ነጥብ ያገኛል፣ የዘገየ እያነሰ ይሄዳል። እኔ ግን የቆመ መኪና ውስጥ ሰው ሳይ ገና በሩ ሳይከፈት እነካ ነበር። ነጥብ የሚሰጥበት ጊዜ ግን ገና አልጀመረም። በሩ ሲከፈት ደግሞ «ነክቻለሁ» ብዬ እተወዋለሁ። ዜሮ። የማሽከርከር አስተማሪዬ ይህን ያየው አጠገቤ ተቀምጦ ጣቴን ሲመለከት ነው። «ስታዪው ንኪ፣ መንቀሳቀስ ሲጀምር ድገሚ» አለኝ። ዝም ብሎ በተከታታይ መንካት ግን ያንን ቪዲዮ ዜሮ ያደርገዋል። ወንድሜ፣ ከሰዓትህ ውጭ ስለሰጠኸኝ ያ አንድ ሰዓት አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ጋሼ በጣም አጥብቀው ይዘውኝ ነበር። ቤት ውስጥ 43 እና 44 ማምጣት ስጀምር ቀጠሮ ልይዝ ስል «አይሆንም» አሉኝ። ያው ሰው በተለያየ ቀን በሁለት በሦስት ነጥብ ይወጣል ይወርዳል፤ በጥያቄዎቹ ዕድል፣ በግምቱ ዕድል። በአማካይ 43 የሚያመጣ ሰው ግማሽ ያህሉን ጊዜ ይወድቃል። በአዳዲስ ጥያቄ 46 እና 47 እስኪረጋ ድረስ ጠብቂ አሉኝ። ሒሳቡም ይሄዳል፦ የቃሉንና የንባቡን 27 ስህተት ካስወገድኩ ከ44ቱ 17 ይቀራሉ፣ በአንድ ፈተና ከ4 በታች። ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሲደርስ ቀጠሮ ስይዝ ጥያቄው በጆሮ ማዳመጫ በእንግሊዝኛ እንዲነበብልኝ ጠየቅኩ፤ ይፈቀዳል። ዓይኔ የሚዘለውን ቃል ጆሮዬ ይይዘዋል። ሦስቱ ስህተቶቼ የትኞቹ እንደነበሩ እስካሁን አላውቅም፣ ግን «ግምት» ያልኳቸው አራት ብቻ ነበሩ።

ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፈላለሁ፤ ባለቤትዎንም ይዘው ይምጡ። መጽሐፉን እሁድ እመልሳለሁ። ደብተሩን ግን ማታ ሽፍት ላይ ያለችው እህታችን ወስዳዋለች። እሷም ሁለት ጊዜ 41 አምጥታለች።