ሳይጓዙ የሚከፈል አበል ደሞዝ ነው

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቅርቡ በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ አንድ ሠራተኛ «አበል ግብር የለበትም፤ ድርጅቴ ግን ቆረጠብኝ» ሲሉ የጻፉትን አቤቱታ አነበብኩ። ቁጣቸው ይገባኛል። ጎንደር ውስጥ ለድርጅቶች ሂሳብ የምሠራ ሰው ነኝና ይህንኑ ቅሬታ ከፒያሳ እስከ አዘዞ በየቢሮው እሰማዋለሁ። አባባሉ ግን እውነት የሚሆነው በከፊል ነው። ቀሪው ሳይነገር ስለሚታለፍ በመጨረሻ የሚጎዳው ሠራተኛው ነው። ለዚህ ነው የምጽፈው።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አበልን መጀመሪያ የሚያስቀምጠው ከደሞዝ ጋር ነው። ደሞዝም፣ አበልም፣ ቦነስም ከመቀጠር የተገኘ ገቢ ናቸው፤ ግብር ይከፈልባቸዋል። አዋጁ ከዚያ በኋላ ነው ነፃ የሚሆኑትን ለይቶ የሚያወጣው። ከነዚህ አንዱ ሠራተኛው ለሥራ ሲጓዝ ላወጣው የመጓጓዣ ወጪ የሚተካለት ገንዘብና ለጉዞው የሚከፈለው ውሎ አበል ነው። በቀን እስከ ስንት ብር ነፃ እንደሚሆን ደግሞ በመመሪያ ይወሰናል። ከግብር ነፃ የሚያደርገው እንግዲህ ጉዞው ነው። ሠራተኛው ከመደበኛ የሥራ ቦታው ወጥቶ ለድርጅቱ ሥራ ካልሄደ፣ የተከፈለው ገንዘብ ፔሮል ላይ በየትኛውም ስም ቢጻፍ ደሞዝ ሆኖ ይቆጠራል።

ከተማችን ውስጥ በብዛት የማየው ነገር ይኸውና። አንድ ድርጅት ሠራተኛ ሲቀጥር 17,000 ብር ይስማማል። ከዚያ 12,000ውን ደሞዝ፣ 5,000ውን «የመስክ ውሎ አበል» ብሎ ይከፍለዋል። አበሉ በየወሩ ሳይጓደል ይገባል። ሠራተኛው ደስ ይለዋል፤ እጁ የሚገባው ብር ከፍ ይላል። ድርጅቱም ጡረታውን የሚያሰላው በ12,000 ስለሆነ መዋጮው ይቀንስለታል። ለጊዜው ሁሉም ያተረፈ ይመስለዋል።

በቁጥር እንየው። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ብር ያለው የወር ገቢ 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ግብር አለበት። ደሞዙ 12,000 ብቻ ሆኖ ሲሰላ የወሩ የሥራ ግብር 2,250 ብር ነው። 5,000ው ሲደመርና ገቢው 17,000 ሲሆን ግብሩ 3,900 ብር ይደርሳል። ልዩነቱ በወር 1,650 ብር ነው። በዓመት 19,800 ብር ይሆናል፤ ከሠራተኛው የአንድ ወር ደሞዝ ይበልጣል። ይህ እንግዲህ ቅጣትና ወለድ ሳይጨመርበት ነው።

ሰዎች «ማን ያውቃል?» ይሉኛል። የግብር ኦዲተር ግን ይህን ለማግኘት ብዙ አይደክምም። የአስራ ሁለት ወር ፔሮል ጎን ለጎን ያስቀምጣል። እውነተኛ የውሎ አበል ከወር ወር ይለያያል፤ አንድ ወር ይበዛል፣ አንድ ወር ጭራሽ አይኖርም። እዚህ ግን በየወሩ ያው 5,000 ነው። አንዲት ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ላይ የነበረችበት ወር ላይም 5,000 ነው። ከቢሮ ወጥታ የማታውቀው ገንዘብ ያዥም ተከፍሏታል፤ የጥበቃ ሠራተኛውም ተከፍሎታል። ቀጥሎ ኦዲተሩ የጉዞ ትዕዛዙን ይጠይቃል። የለም። አንዳንዴ ደግሞ ኋላ ላይ የተዘጋጀ ይቀርብለታል፤ ያኔ የሰዓት ፊርማውን ያወጣል። ደባርቅ ነበረ የተባለው ሰው በዚያው ቀን ጠዋት ጎንደር ቢሮ ፈርሞ ገብቷል። ከዚህ በኋላ የሚያከራክር ነገር የለም።

አሁን ሌላውን እንይ። አንዲት የ12,000 ብር ደሞዝተኛ በወሩ ውስጥ እውነት አምስት ቀን ደባርቅ ለሥራ ወረደች እንበል። ድርጅቱ በቀን 1,000 ብር አሰበላት። ድምሩ ያው 5,000 ነው፤ ግብሩ ግን ያው አይደለም። ለስሌት ያህል የነፃው ጣሪያ በቀን 600 ብር ነው ብለን እንያዝ። ይህን ቁጥር የወሰድኩት ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ነው፤ የሚሠራበት ክፍያው በተፈጸመበት ወር የጸናው መመሪያ ነው። የአምስቱ ቀን 3,000 ብር ነፃ ይሆናል። ከጣሪያው ያለፈው 2,000 ብር ከደሞዟ ጋር ይደመርና ገቢዋ 14,000 ይሆናል። 2,000ው በ30 በመቶ ሲታሰብ ተጨማሪው ግብር 600 ብር ነው። ከ1,650ው ጋር አነጻጽሩት።

ምናልባት አቤቱታ ያቀረቡት ሠራተኛ ላይ የደረሰው ይኸው ይሆናል። ጉዞው እውነት ሆኖ፣ ከጣሪያው ያለፈው ተቆርጦባቸው ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ድርጅታቸው አልበደላቸውም። በሌላ በኩል ሙሉው አበል ተደምሮ ተቆርጦባቸው ከሆነ፣ ጉዞውም ማስረጃ ካለው፣ መጠየቅ መብታቸው ነው። ማወቂያው ቀላል ነው። የደሞዝ መግለጫቸው ላይ ነፃው አበልና ግብር የሚከፈልበት አበል ለየብቻ መጻፍ አለባቸው። አንድ ላይ ተጠቅልለው ከመጡ ሂሳብ ክፍል ሄደው ያስለዩ።

በእኛ አካባቢ ለብቻው መነሳት ያለበት ነገር አለ። መንገድ ይዘጋል። ወደ መተማ ሊሄድ የነበረ ሰው የስድስት ቀን አበል ቅድሚያ ወስዶ፣ ጠዋት መናኸሪያ ሲደርስ መኪና የለም ይባላል። ይመለሳል። ገንዘቡ ግን ኪሱ ውስጥ ይቆያል፤ ወር ያልፋል፣ ሌላ ወር ይተካል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አያስተውልም። ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ ለጊዜው የሠራተኛው ዕዳ ነው። ድርጅቱ ሳያስመልስ ከተወለት ግን ያልተጓዘበት አበል ስለሆነ ደሞዝ ይሆናል። ሦስት ቀን ውሎ መንገድ ስለተበላሸ የተመለሰ ሰውም የሦስት ቀኑን ብቻ አወራርዶ የቀረውን መመለስ አለበት። እዚያው መንገድ ተዘግቶበት ሁለት ቀን የታገደ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ያለው ሥራ ላይ ነው፤ የመመለሻ ቀኑ የተራዘመበት ምክንያት በኃላፊው ተጽፎ የጉዞ ትዕዛዙ ላይ ይያያዝለት። በስልክ የተነገረ ፈቃድ ዓመት ቆይቶ ኦዲት ሲመጣ አይገኝም።

የወጪ ማካካሻ ላይ ደግሞ መመዘኛው ደረሰኝ ነው። ሠራተኛው ከኪሱ የከፈለውን ትኬት ወይም ነዳጅ ድርጅቱ ሲተካለት ሠራተኛው ምንም አላተረፈም፤ ስለዚህ ገቢ አይደለም። ግን የተተካለት ገንዘብ ካወጣው ጋር እኩል መሆን አለበት። ለ1,800 ብር ወጪ 2,500 ከተሰጠው 700ው ደሞዝ ነው። ደረሰኙ በድርጅቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይቆረጥ። በሠራተኛው ስም ከመጣ ድርጅቱ ወጪዬ ነው ለማለት ይቸገራል። ውሎ አበሉ መኝታና ምግብን እንዲሸፍን ተከፍሎ እያለ የሆቴሉ ሂሳብ ለብቻው ሲከፈልም አያለሁ። ያ ለአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው፤ ሁለተኛው ማካካሻ ነው ቢባል አያስኬድም።

አንድ ወጣት የሽያጭ ሠራተኛ ስለዚህ ሳስረዳው «ጋሼ፣ ታዲያ የትራንስፖርት አበል ብለው ቢሰጡኝስ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከቤት ሥራ ቦታ መመላለሻ የሚከፈለው የትራንስፖርት አበል ራሱን የቻለ ነፃ ክፍያ ነው፤ በቅጥር ውል ላይ መስፈር አለበት፤ የራሱ ጣሪያም አለው። ከዚያ ጣሪያ በላይ ያለው ወደ ደሞዝ ይመለሳል። ስለዚህ የሌለ ጉዞ አበልን ወደዚያ ማዛወር ሁሉንም ነፃ አያደርገውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ውሳኔው ከመጣ በኋላ የሚሆነው ነው። ግብር ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ የቀጣሪው ነው። ሳይቀንስ ከቀረ ገቢዎች የሚይዘው ቀጣሪውን ነው። ከተማችን ውስጥ የማውቀው አንድ ድርጅት ግን የተወሰነበትን ዕዳ እስከ ቅጣቱ ድረስ ከሠራተኞቹ ደሞዝ ላይ በየወሩ መቁረጥ ጀመረ። አበሉን በዚያ መልክ የከፋፈለው ራሱ ድርጅቱ ነበር። ሠራተኞቹ ሲቀጠሩ «ይህ ግብር የለበትም» ተብለው ነው የፈረሙት። ግብሩን ራሱን በተመለከተ መነጋገር ይቻላል፤ ገቢው የነሱ ነበርና። ቅጣቱና ወለዱ ግን የመጣው ቀጣሪው ግዴታውን ስላልተወጣ ነው። እሱን ሠራተኛ ላይ መጫን ግፍ ነው። እንዲህ ያጋጠመው ሠራተኛ ዝም ብሎ አይፈርም። ምን ያህሉ ግብር፣ ምን ያህሉ ቅጣት እንደሆነ የሚያሳየውን የውሳኔ ማስታወቂያ ኮፒ ይጠይቅ።

ለቀጣሪዎች ያለኝ ቃል አጭር ነው። 17,000 የምትከፍሉ ከሆነ 17,000 ደሞዝ ብላችሁ ጻፉ። ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ከመውጣቱ በፊት የት፣ ለምን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሄድ የተጻፈበት የጉዞ ትዕዛዝ ስጡት፤ ሲመለስ በሳምንት ውስጥ አወራርዱለት። ቅጹ አንድ ገጽ ነው።

ለእናንተ ደግሞ፣ ክቡር አዘጋጅ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የውሎ አበልና የትራንስፖርት አበል ጣሪያ የተቀመጠበትን በሥራ ላይ ያለ መመሪያ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት አረጋግጣችሁ ሙሉውን አትሙልን። ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራም ቀኑን ጻፉበት። መመሪያው በተለወጠ ቁጥር ደግሞ በድጋሚ አውጡት። ብዙ ሠራተኛ የሚያውቀው ከጓደኛው የሰማውን አሮጌ ቁጥር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሂሳብ ባለሙያ፣ ከጎንደር