እሁድ 10 ሰዓት እንደውላለን ብላችሁ ነበር

ለሲስተም አቅራቢያችን
ጉዳዩ፦ ሳልፈርም ስለተከፈተው አዲስ የዕቃና የሒሳብ ሲስተም

ጤና ይስጥልኝ። ውሉም ክፍያውም ፋይላችሁ ውስጥ ስላለ አልደግመውም። እኔን ያንገበገበኝ የእሁዱ ነገር ነው።

ሐሙስ ኮምቦልቻ መጋዘን መጥቶ ባለሙያችሁ ምን አለኝ? «እሁድ 10 ሰዓት እንደውላለን፣ ሲስተሙን ከመክፈታችን በፊት ቼክሊስቱን አብረን እናያለን፣ እርስዎ ካልፈረሙ በአሮጌው እንቀጥላለን፣ አብሽር ጋሼ።» እሺ ብዬ ስልኬን ይዤ እስከ ማታ 2 ሰዓት ተቀመጥኩ። ማንም አልደወለም። ሰኞ ጠዋት ደሴ ሱቅ ስገባ አዲሱ ሲስተም ተከፍቶ ሽያጭ እየመዘገበ ነው!

አሁን ስለ ቆርቆሮው ልንገራችሁ። ወደ አዲሱ ሲስተም የሚገባው ዕቃ ኮምቦልቻ ዓርብ ማታ ተቆጠረ፣ ደሴ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት። በመሃል 120 ቆርቆሮ የጫነ አይሱዙ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ገባ። እዚያም ተቆጠረ፣ እዚህም ተቆጠረ። «ከዓርብ 11 ሰዓት በኋላ ዕቃ አይንቀሳቀስም፣ የመጨረሻው የወጪ ሰነድ ቁጥር ይያዛል» የሚል ዕቅዳችሁ ላይ አለ። ለመጋዘን ሠራተኛዬ ግን ማን ነገረው? የእኛም ጥፋት አለበት፣ አልክድም። ቼክሊስቱ ግን ለዚህ አይደል እንዴ?

ደግሞ ስህተቱ የተደበቀ አልነበረም። የቆጠራው ዋጋ የሚገባው በአንድ ጊዜያዊ ሒሳብ በኩል ነው፣ የሒሳብ ሠራተኛዬ ከአሮጌው መዝገብ ያወጣችው መነሻ ሒሳብም በዚያው ያልፋል፣ ሁለቱ ከተጣጣሙ ያ ሒሳብ ዜሮ ይሆናል። የእኛ ላይ 108,000 ብር ቁጭ ብሏል። 120 ቆርቆሮ በ900 ብር ማለት ነው። ቼክሊስቱ ላይ ግን «ጊዜያዊ ሒሳቡ ዜሮ ነው» ከሚለው ጎን ራይት ተደርጓል።

ሰኞ ስደውልላችሁ የእናንተው ልጅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ነው፣ ካልገባዎት ለሒሳብ ሠራተኛዎ ይተዉት።» እኩል መሆኑማ የት ይቀራል፣ ልዩነቱን እዚያ ሒሳብ ላይ ጥላችሁት! ሁለት ቀን የተባለው ስልጠና ግማሽ ቀን ሲሆን ዝም አልኩ። በኪሎ የምሸጠው ሚስማር በካርቶን ሲመዘገብም ዝም አልኩ። ይኼን ግን አልችልም።

120ውን ብቻ ቀንሰን እናስተካክል እንዳትሉኝ። አንዱ በትርፍ፣ ሌላው በጉድለት ከተቆጠረ ተጣፍቶ በድምሩ ላይ አይታይም። ሲስተሙን ዝጉት፣ እስከዚያ በአሮጌው እንሠራለን፣ የእነዚህን ቀናት ሽያጭም ወደዚያ እንመልሳለን። ቅዳሜ ሁለቱም ቦታ በአንድ ሰዓት ይቆጠር፣ መኪና ላይ ያለ ዕቃ ካለ ለብቻው ይጻፍ። እሁድ 10 ሰዓት ደግሞ በስልክ ሳይሆን ደሴ በአካል ኑ። ልጁም ይምጣና ይቅርታ ይጠይቀኝ።

ይህ ካልሆነ ቀሪውን 30 በመቶ አልከፍልም፣ የከፈልኩትንም አስመልሳለሁ። መልሳችሁን እስከ ሐሙስ በጽሑፍ እፈልጋለሁ፣ በስልክ «አብሽር» አይሠራም።

የደሴው ሱቅና የኮምቦልቻው መጋዘን ባለቤት