የመዋጮ ወረቀት ላይ የገንዘብ መጠን አይጻፍ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የሥራ ባልደረባ ሲያገባ፣ ሲወልድ ወይም ሥራ ሲለቅ አዋጥተን ስጦታ እንገዛለን። እሱን አልቃወምም። የምጽፈው ገንዘቡ ስለሚሰበሰብበት ወረቀት ነው።

ወረቀቱን ታውቁታላችሁ። ስም፣ የገንዘብ መጠን፣ ፊርማ። መጀመሪያ ኃላፊው ይሞላል፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥሩን አይቶ ለሱ የሚቀርብ ይጽፋል። ባለፈው ከኔ ቀጥሎ የደረሰው ተላላኪያችን ጋ ነበር። እስክሪብቶውን እንደያዘች ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ የኔኑ ያህል ጻፈች። በሦስተኛው ቀን የትራንስፖርት ገንዘብ አበድረኝ አለችኝ። ደሞዜ የሷን አራት እጥፍ ነው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ታዲያ ሁላችንም እኩል እናዋጣ» የሚል አይጠፋም። እስቲ እናስላው። አሥራ ሁለት ነን እንበል። ስምንቱ አነስተኛ ተከፋይ ናቸው፤ ሦስታችን የነሱን አራት እጥፍ፣ ኃላፊው ስምንት እጥፍ እናገኛለን። የእያንዳንዱ ድርሻ የተላላኪዋ የአንድ ቀን ደሞዝ ቢሆን፣ እሷ 8 ሰዓት የሠራችበትን ትሰጣለች። እኔ የ2 ሰዓቴን፣ ኃላፊው የ1 ሰዓቱን። ያንኑ ገንዘብ በደሞዝ ልክ ብናካፍለው ግን ሁላችንም የምንሰጠው የሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሥራችንን ነው። ስጦታው ያው ነው።

ይህን ስሌት በወረቀት አዙሩት አልልም። የሰው ደሞዝ አደባባይ ይወጣል፤ ደግሞ ተመሳሳይ ደሞዝ እያለው ቤተሰብ የሚያስተዳድርም፣ ዕዳ የሚከፍልም አለ። ለዚህ የሚሻለው ፖስታ ነው። ስም የሌለበት አንድ ፖስታ ከወረቀቱ ጋር ይዙር። ወረቀቱ ላይ ስም ብቻ ይኑር፤ ፖስታው የደረሰው ሁሉ፣ ቢጨምርም ባይጨምርም፣ ስሙ ላይ ምልክት ያድርግ። ደህና የሚከፈለንን ሰብሳቢው ለብቻችን ጠርቶ «ከፍ አድርጉ» ይበለን። በስልክ የሚልክ ካለ ስሙ ለሰብሳቢው ስለሚታይ፣ ሰብሳቢው አለቃ ባይሆን ይመረጣል።

ትልቁ ስህተት ግን ዕቃውን አስቀድሞ መግዛት ነው። አንዱ ከኪሱ ከፍሎ ይገዛና የቀረው ዕዳ ይሆንብናል። ያኔ ነው «ይህን ያህል ጎድሎናል» እየተባለ የድሃው በር ላይ የሚቆመው። መጀመሪያ ፖስታው ይቆጠር፤ ስጦታው በተገኘው ልክ ይመረጥ። አነስ ቢል አነስ ይበል። ካርዱ ላይ ደግሞ ሁሉም ይፈርም፣ ያዋጣም ያላዋጣም።

በሚቀጥለው ሳምንት አንዲት ባልደረባችን ሥራ ትለቃለች። ፖስታውን ይዤ የምዞረው እኔ ነኝ። ወረቀቱን አዘጋጅቻለሁ፤ የገንዘብ መጠን የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

የዘወትር አንባቢያችሁ