የእህቴ 300 ዶላር የት ቀረ? ለብሔራዊ ባንክ ገዢ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ገዢ፣

እህቴ ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። በየሁለት ወሩ 300 ዶላር የሚሆን ሪያል ትልካለች። ብሩ እናታችን ጋ ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም። ዶላሩ ግን አንድም ቀን ኢትዮጵያ አልገባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ሪያሉን እዚያው ላለ ሰው ትሰጣለች። እሱ አዲስ አበባ ላለው ሸሪኩ ይደውላል፤ ወዲያው ብሩ እናቴ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ያ ብር የአስመጪ ነው። አስመጪው እዚህ ብር ይከፍላል፤ በእህቴ ሪያል ደግሞ ዱባይ ወይም ቻይና ያለው የዕቃ አቅራቢው ይከፈልለታል። የኢትዮጵያን ድንበር የተሻገረ ገንዘብ የለም። ዕቃው ይመጣል፣ እውነት ነው። ባንኩ ግን ለመድኃኒት አስመጪ የሚሸጠው ዶላር አላገኘም። ከባንክ ያጣው ሰው ደግሞ ወደ ብላክ ይሄዳል፤ የብላኩ ዋጋ ይሰቀላል፤ ያኔ የሌላዋ እህት ገንዘብም እዚያው ይሳባል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ባንክ አንዱን ዶላር በ57 ብር ገደማ ይገዛ ነበር። ብላክ ከ110 በላይ ይሰጥ ነበር። 300 ዶላር በባንክ 17,100 ብር፣ በብላክ ቢያንስ 33,000። «በባንክ ላኪ» ማለት «ግማሹን ጣይው» ማለት ነበር። እኔም አላልኳትም።

ለውጡ ኑሯችንን ቢያስወድደውም ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ግን ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። በዶላር 15 ብር ብቻ ነው እንበል፤ በ300 ዶላር 4,500 ብር ይሆናል። የእናቴ አስቤዛ ነው።

ብላክ ሻጩን ማሳደድ ብዙ የሚያስኬድ አይመስለኝም። ከብላክ ዶላር የሚገዛውን ይዩልኝ። የ100 ሺህ ዶላር ዕቃ አምጥቶ፣ ቀረጥ እንዲቀንስለት 60 ሺህ ነው ብሎ የሚያስመዘግብ ነጋዴ አለ። የቀረውን 40 ሺህ ባንክ ሄዶ ሊጠይቅ አይችልም፤ ሰነዱ ያጋልጠዋል። ስለዚህ በተጠየቀው ዋጋ ከብላክ ይገዛል። ባንኮች ዶላር ሞልቷቸው ቢያድሩ እንኳ ይህ ሰው ወደ እነሱ አይመጣም። መፍትሔው ያለው እርስዎና ጉምሩክ አንድ ላይ ሰነድ ስታመሳክሩ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ቀላል ነው። ባንኮች የዕለቱን ተመን ይለጥፋሉ። ኮሚሽኑና የላኪው ድርጅት ክፍያ ከተቀነሰ በኋላ እናቴ እጅ ስንት እንደሚገባ ግን ከተለጠፈው ተመን ላይ አይታይም። ብላኩ በስልክ አንድ ቁጥር ይናገራል፣ ያችው ቁጥር ትመጣለች።

ባለፈው ወር እህቴን እስቲ በሕጋዊው ሞክሪ አልኳት። ከቤት የምትወጣው በወር አንድ ዓርብ ነው። ለብላኩ በዋትሳፕ ጻፈችለት፤ በር ድረስ መጣ።