የንባብ ክበብ ዘገባ፦ የተቆጣ ሁሉ ወገንተኛ አይደለም

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ሥራ ይዞ ከረመ፤ በአስተያየት ጽሑፍ ውስጥ የጸሐፊውን ዓላማ፣ ድምፀትና ወገንተኝነት ለይቶ ማውጣት። «ዓመት ሙሉ በዚህ ብቻ?» ላሉን፣ በምንባብ ጥያቄዎች ላይ ተማሪዎቻችን የሚሳሳቱት ሦስቱን እያምታቱ መሆኑን እናስታውሳለን።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በዓላማ ላይ አለቀ፤ ካሰብነው በላይ ዘገየን። አባላቱ ለየትኛውም ጽሑፍ «ዓላማው ማሳወቅ ነው» ብለው ያልፉ ነበር። ያላቀቀን «ማን ምን እንዲያደርግ ይፈልጋል?» የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱም ብዙውን ጊዜ ወደ መጨረሻው፣ «ይገባል» እና «አለበት» በሚሉት ቃላት አካባቢ ይገኛል። የየሳምንቱን ስብሰባ አልዘረዝርም።

አንዱን ቀን ግን ሳልጽፈው አላልፍም። ለልምምድ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አዘጋጅተን ነበር፤ የሁለቱም ዓላማ ስልክ ከክፍል እንዲታገድ ነው። የመጀመሪያው ይቆጣል፤ ስልክን «የተማሪን ቀን የሚዘርፍ ሌባ» ይለዋል። ሁለተኛው ረጋ ብሎ፣ «መምህራን ስልክ ትኩረት እንደሚሰርቅ ያስረዳሉ፤ አንዳንድ ተማሪዎች በእገዳው ያጉረመርማሉ» ይላል። የትኛው ወገንተኛ ነው ሲባል ከጥቂቶች በቀር ሁሉም የመጀመሪያውን መረጡ።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሁለተኛው ላይ ሁለቱን ግሦች አሰመረችባቸው። «መምህራን ያስረዳሉ፣ ተማሪዎች ያጉረመርማሉ። ተማሪዎቹ ምን እንዳሉ ግን የትም የለም» አለች። አስተማሪነት የሚያስደስተው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ወዲያው ቃል መቀየር ጀመርን። «ያጉረመርማሉ» የሚለውን «ይቃወማሉ» ስናደርገው ንቀቱ ጠፋ፤ የተማሪዎቹ ምክንያት ግን አሁንም አልተጻፈም። ከመጀመሪያው ጽሑፍ «ሌባ»ን ስናወጣ ቁጣው በረደ። ያ ጽሑፍ ደግሞ የተቃዋሚዎቹን ጠንካራ ክርክር፣ «ድንገተኛ ነገር ቢፈጠር ወላጅ ልጁን በምን ያገኛል?» የሚለውን ሳይሸራርፍ አስፍሮ፣ በትምህርት ቤቱ ቢሮ ስልክ ብሎ መልሶለታል። ቃሉ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጠው ድምፀት ነው፤ ከተለወጠ በኋላም የሚቀረው ጉድለት የወገንተኝነት ነው። አቋም መያዝ ብቻውን ወገንተኝነት እንዳልሆነም እዚሁ ታየ፤ ሁለቱም እገዳውን ይደግፋሉና።

መለኪያው ሁሉን አይፈታም። «ያጉረመርማሉ» የድምፀት ቃል ቢሆንም፣ ለአንዱ ወገን ብቻ መሰጠቱ የወገንተኝነት ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን ቃል በሁለት ቀለም፣ በድምፀቱም በወገንተኝነቱም፣ እናሰምርበታለን።

ለማስመር ግን ወረቀቱ በእጅ መኖር አለበት። አንድ ቅጂ ለአራት ተማሪ እየደረሰ፣ ሦስቱ በአራተኛው ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው ሲያነቡ ነው ዓመቱ ያለፈው። ሌሎች ክበባት ሲጠይቁ የሚገኘው በጀት ለእኛ ሲሆን «ንባብ ምን ወጪ አለው?» ይባላል። የምንጠይቀው ለእያንዳንዱ አባል አንድ ቅጂና ሦስት ባለቀለም እርሳስ ነው። ከተገኘ በመስከረም በአንድ ጉዳይ ላይ የሚከራከሩ ሁለት እውነተኛ የጋዜጣ ጽሑፎችን ጎን ለጎን እናነባለን።