የትዕዛዝ ሰንጠረዡ ላይ ስለጨመርነው አምድና ስለ ድምር መስመሩ

ለውድ ደንበኞቻችን
ጅማ

ቡና፣ ማርና ኮረሪማ የምታዙበት የኤክሴል ሰንጠረዥ እስካሁን ሦስት አምድ ብቻ ነበረው፤ «ዕቃ»፣ «የአንዱ ዋጋ» እና «ብዛት»። ሂሳቡን እናንተም እኛም በካልኩሌተር ስለምንሠራው ያስገባችሁት ገንዘብና የኛ ደረሰኝ የማይገጥሙበት ጊዜ አለ። ከአሁን በኋላ የምንልክላችሁ ፋይል «ጠቅላላ ዋጋ» የሚል አራተኛ አምድና ከታች የድምር መስመር ይኖረዋል። የድሮውን ፋይል ከነመረጃው ማቆየት የምትፈልጉ ደግሞ ራሳችሁ ልትጨምሩበት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ከሰንጠረዡ ውስጥ አንዱን ሳጥን ተጫኑ። ከላይ Table Design የሚል ምርጫ ከመጣ ጥሩ ነው። ካልመጣ Ctrl+T ተጭናችሁ My table has headers የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን አይታችሁ OK በሉ። ከዚያ «ብዛት» ከሚለው ርዕስ በስተቀኝ ባለው ባዶ ሳጥን «ጠቅላላ ዋጋ» ብላችሁ ጻፉና Enter በሉ፤ ሰንጠረዡ ራሱ ሰፍቶ አዲሱን አምድ ይይዘዋል። በመጀመሪያው የዕቃ ረድፍ ላይ የእኩል ምልክት ጻፉ፣ የዚያኑ ረድፍ ዋጋ ተጫኑ፣ ኮከብ ጻፉ፣ ብዛቱን ተጫኑ። ኤክሴል ይህን ይጽፍላችኋል፦

```
=[@[የአንዱ ዋጋ]]*[@ብዛት]
```

«የአንዱ ዋጋ» ድርብ ቅንፍ ውስጥ የገባው በሁለቱ ቃላት መሃል ክፍተት ስላለ ነው። Enter ስትሉ ፎርሙላው እስከ ታች ድረስ በራሱ ይሞላል፤ እየጎተቱ መገልበጥ አያስፈልግም።

ለድምሩ Table Design ውስጥ Total Row የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ኤክሴል የመጨረሻውን አምድ ብቻ ይደምራል። ዋጋዎቹ ለማሳያ ያህል ናቸው እንጂ፣ ቡና በ850 ብር 12 ኪሎ፣ ማር በ600 ብር 8 ኪሎ፣ ኮረሪማ በ1,100 ብር 2.5 ኪሎ ብታዙ፣ በአምዱ ላይ 10,200፣ 4,800 እና 2,750 ይመጣል፤ ከታች 17,750። «የአንዱ ዋጋ» ሥር ያለውን ሳጥን ግን ባዶ ተዉት። የቡናና የማር ነጠላ ዋጋ ተደምሮ ለማንም የሚጠቅም ነገር አይወጣውም።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው «ብዛት» ውስጥ «12 ኪሎ» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ለኛ ግልጽ ነው፤ ለኤክሴል ግን ቁጥር መሆኑ ቀርቶ ጽሑፍ ሆኗል። የዚያ ረድፍ ጠቅላላ ዋጋ #VALUE! ይላል፣ እሱን ተከትሎ የታችኛው ድምርም #VALUE! ይላል። ስለዚህ ድምሩ እንዲህ ሲሆን ድምሩን አትነካኩት፤ ወደ ላይ ሄዳችሁ ከረድፎቹ የትኛው #VALUE! እንዳለ ፈልጉና ብዛቱን 12 ብቻ አድርጉት። ሌላው ምልክት፣ ቁጥር በተፈጥሮው ወደ ቀኝ ሲጠጋ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። «ኪሎ» የሚለው ቃል ካልታየን ለምትሉ መፍትሔ አለው፦ የብዛቱን አምድ መርጣችሁ Ctrl+1፣ ከዚያ Custom ውስጥ ይህን ጻፉ።

```
General "ኪሎ"
```

አሁን 12 ብላችሁ ስትጽፉ 12 ኪሎ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ግን ቁጥር ነው፣ ይባዛል።

ዝም ብሎ የሚያሳስት ደግሞ አለ። ቅናሽ ተስማምተን «ጠቅላላ ዋጋ» ላይ በእጃችሁ 10,000 ብትጽፉ ፎርሙላው ይጠፋል፤ በኋላ ብዛቱን ወደ 20 ብታሳድጉትም 10,000 ብሎ ይቀራል። ሳጥኑ ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ካያችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን ይችላል። ቅናሽ ካለ «የአንዱ ዋጋ» ላይ ይጻፍ።

የድምር መስመሩ ከወጣ በኋላ አዲስ ዕቃ ከድምሩ በታች አትጻፉ፣ አይቆጠርም። የመጨረሻው ዕቃ የመጨረሻ ሳጥን ላይ ሆናችሁ Tab ብትጫኑ አዲስ ረድፍ ከድምሩ በላይ ይከፈታል። እንዲሁም ድምሩን ብትጫኑት ይህን ታያላችሁ፦

```
=SUBTOTAL(109,[ጠቅላላ ዋጋ])
```

109 ማለት የተደበቀውን ረድፍ ሳይጨምር የሚታየውን ብቻ ደምር ማለት ነው። በማጣሪያው ቡናን ብቻ አውጥታችሁ ከሆነ ድምሩ 10,200 ይላል፤ ማሩና ኮረሪማው ግን አልጠፉም፣ ተደብቀው ነው። ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ርዕሶቹ ላይ የማጣሪያ ምልክት መኖሩን እዩ፤ ካለ Data ውስጥ Clear በሉ።

በዚህ ድምር ውስጥ ቫትና የማጓጓዣ ዋጋ የሉም፤ እነሱን እንደ ወትሮው ደረሰኙ ላይ ለብቻ እናሰፍራለን። ድምሩ ከጠበቃችሁት ከተለየ ገንዘቡን ከማስገባታችሁ በፊት ፋይሉን ላኩልን፣ አብረን እናየዋለን።

ከሰላምታ ጋር
የሽያጭ ክፍል